የጠርሙሱ ፎቶግራፍ ምን ይናገራል? ምንስ ይደብቃል?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 በስዊዘርላንድ፣ በሳንክት ሞሪትዝ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ አንድ ቻይናዊ እንግዳ ለሁለት ሴንቲ ሊትር ዊስኪ 9,999 የስዊስ ፍራንክ ከፈለ። ሁለት ሴንቲ ሊትር በሀገራችን የአረቄ መለኪያ ሲታሰብ ግማሹን እንኳ በቅጡ የሚሞላ አይደለም። ዋጋውን የሰቀለው በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነበር፤ መጠጡ ማካላን የተባለ የስኮትላንድ ዊስኪ እንደኾነና ዘመኑም 1878 እንደኾነ ይገልጻል። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሰራጨ፤ የጠርሙሱ ፎቶግራፍም አብሮ ወጣ።

ነገሩ የተበላሸው በዚሁ ፎቶግራፍ ነው። የቆየ ዊስኪ የሚሰበስቡና የሚገምቱ ባለሙያዎች ምስሉን ከያሉበት ኾነው ተመለከቱ። መጠጡን የቀመሰ ወይም ጠርሙሱን በእጁ የዳሰሰ አልነበረም። ይሁን እንጂ ቡሹና በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከተባለው ዘመን ጋር አልሄድ አላቸው፤ ጥርጣሬያቸውንም በአደባባይ ተናገሩ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነገሩን ሸፋፍኖ ከማለፍ ይልቅ ከመጠጡ ናሙና ቀድቶ ወደ ስኮትላንድ ለምርመራ ላከ። የምርመራው ውጤት በኋላ ይነሣል፤ አስቀድሞ ግን ባለሙያዎቹ ከአንድ ምስል ላይ ምን ማየት እንደቻሉ መረዳት ይጠቅማል።

ጥያቄው የሀብታሞች ሆቴል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በከተሞቻችንም ውድ ዊስኪና ወይን የሚሸጠው በሱቅ መደርደሪያ ላይ ብቻ መኾኑ ቀርቷል። ሻጩ የጠርሙሱን ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይለቃል፤ «ከዱባይ የመጣ ነው» ይላል፤ ለሠርግ የሚደግሰው ወይም ለአማቱ ስጦታ የሚፈልገው ሰው ምስሉን አይቶ ገንዘቡን በባንክ ያስተላልፋል። እህሉን ሸጦ ልጁን የሚድር አርሶ አደር ለእንግዶቹ ክብር ብሎ የሚገዛት አንዲት ጠርሙስ ከአንድ በግ ዋጋ ልትበልጥ ትችላለች። ገዥው በእጁ ያለው ማስረጃ ምስል ብቻ ከኾነ ምስሉን ማንበብ ማወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ ንባብ መነሻ የሚኾነው ከጠርሙሱ ክፍሎች መካከል የትኛው ሲከፈት እንደሚበላሽና የትኛው እንዳለ እንደሚቀር መለየት ነው። መጠጡ ተጠጥቶ ሲያልቅ ብርጭቆው ምንም አይኾንም። የተለጠፈው ወረቀትም በጥንቃቄ ከተያዘ እንደ አዲስ ይቆያል። የሚሰበረው የአንገቱ ማሸጊያ ነው፤ የሚወጋውም ቡሹ ነው። ስለዚህ ባዶውን ጠርሙስ ሰብስቦ ርካሽ መጠጥ የሚሞላበት ሰው ሐሰተኛ ብርጭቆ ወይም ሐሰተኛ ወረቀት መሥራት አያስፈልገውም። ሁለቱንም በእውነተኛነታቸው ያገኛቸዋል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ከሚሰበስበው ጠርሙስ ውስጥ አብዛኛው ለበጎ አገልግሎት ይውላል፤ ዘይት፣ ማር፣ ጠላና አረቄ ይያዝበታል። የታወቀ ዊስኪ ባዶ ጠርሙስ ከሌላው ተለይቶ ከነካርቶኑና ከነክዳኑ በውድ ሲፈለግ ግን ገዥው ለምን እንደፈለገው መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሜሪካውያን ይህን ችግር በሕግ ለመከላከል ሞክረዋል። የመጠጥ ክልከላው ከተነሣ በኋላ፣ ከ1935 እስከ 1964 ድረስ በአሜሪካ በሚሸጡ የአልኮል ጠርሙሶች ገላ ላይ ጠርሙሱን መልሶ መሸጥም ኾነ መልሶ መጠቀም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ መኾኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ከብርጭቆው ጋር አብሮ እንዲቀረጽ ተደርጎ ነበር። ዛሬ ያ ጽሑፍ ሌላ ጥቅም ይሰጣል። ጽሑፉ የተቀረጸበት ጠርሙስ በ1920 የታሸገ ነው ከተባለ አባባሉ በራሱ ጠርሙስ ይፈርሳል።

እንግዲህ ምስሉን የሚያይ ሰው ዐይኑ ቀድሞ ማረፍ ያለበት በአንገቱ ላይ ነው። በወይን ጠርሙስ አንገት ላይ የሚለበሰው ሽፋን፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ካፕሱል፣ በፋብሪካ ሲለበስ በማሽን እየተሽከረከረ ወይም በእኩል ሙቀት እየተኮማተረ ከብርጭቆው ጋር ይጣበቃል። የታችኛው ጠርዙ ዙሪያውን በአንድ ቁመት ያልቃል። በቤት ውስጥ በፀጉር ማድረቂያ ወይም በፈላ ውኃ የተለበሰ የላስቲክ ሽፋን ግን ሙቀቱ እኩል ስለማይደርሰው በአንድ ወገን ይጨማደዳል፤ በሌላው ወገን አየር ይቋጥራል፤ ጠርዙም ከፍና ዝቅ ይላል። ይህ በጥሩ ብርሃን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ሻጩ አንገቱን ከአንድ ወገን ብቻ ካላሳየ በቀር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በወይን ካፕሱል አናት ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲታዩ «በመርፌ ተወግቶ መጠጡ ተቀይሯል» ብለው የሚደነግጡ አሉ። ቀዳዳዎቹ ግን ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ሥራ ናቸው፤ ሽፋኑ በጠርሙሱ ላይ ሲጠልቅ በውስጡ የታፈነው አየር እንዲወጣ የተበጁ ናቸው። ለጥርጣሬ ምክንያት የሚኾነው ሽፋኑ ተቆርጦ መልሶ የተጣበቀበት መስመር ነው።

በሚሽከረከር ክዳን የሚዘጋ ዊስኪ ከኾነ መታየት ያለበት ክዳኑ ከሥሩ ካለው ቀለበት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ክዳኑንና ቀለበቱን የሚያያይዙት ቀጫጭን ድልድዮች ሲከፈት ይበጠሳሉ፤ ዳግመኛ አይቀጠሉም። በሙጫ የተያያዙ እንደኾነ ደግሞ ነጭ ወይም የሚያብረቀርቅ ቅሪት በክፍተቱ ውስጥ ይታያል። በብዙ የዊስኪ ጠርሙሶች አንገት ውስጥ መጠጡ እንዲወጣ እንጂ እንዳይገባ የሚያደርግ የላስቲክ ማንቆርቆሪያ ከትንሽ ኳስ ጋር ይቀመጣል። ይህ መከላከያ ጠርሙሱን መልሶ ለመሙላት ያስቸግራል፤ መሙላትን ግን ፈጽሞ አያስቀርም። አስመሳዮቹ ማንቆርቆሪያውን በሙቀት አላልተው ያወጡታል ወይም በቀጭን መሣሪያ ኳሱን ገፍተው ይሞላሉ። በዚህ ጊዜ ላስቲኩ ይጫራል ወይም ጠመም ብሎ ይቀመጣል። ቀለበቱ እንደ አዲስ ኾኖ ማንቆርቆሪያው ከተጫረ ያ ጠርሙስ አዲስ ክዳን የተደረገለት አሮጌ ጠርሙስ ሊኾን ይችላል።

ከአንገቱ ቀጥሎ የሚመጣው የወረቀቱ አቀማመጥ ነው። በዘመናዊ ፋብሪካ ማሽኑ ወረቀቱን ከጠርሙሱ መቀመጫ በተወሰነ ቁመት ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ ከአንድ ካርቶን የወጡ ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ፎቶግራፍ ሲነሡ የወረቀቶቹ የላይ ጠርዝ አንድ መስመር መሥራት አለበት። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ወረድ ካለ እጅ የገባበት ሥራ መኾኑን ያመለክታል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚኾነው ጆኒ ዎከር ነው። ባለ አራት ማዕዘን ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት በ24 ዲግሪ ወደ ላይ አዘንብሎ እንደሚቀመጥ አምራቹ ራሱ የሚታወቅበት ነው። የተጠረጠረውን ጠርሙስ ምስል በታወቀ ሱቅ ከተገዛ እውነተኛ ጠርሙስ ምስል ጎን አድርጎ ማዘንበሉን ማስተያየት የሚከብድ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ካሜራው ራሱ ሊዋሽ ይችላል። የእጅ ስልክ ወደ ጠርሙሱ እጅግ ቀርቦ ሲያነሣ ቀጥ ያለው መስመር ይጎብጣል፤ ከላይ ወደ ታች ሲያነሣም ወረቀቱ የዘመመ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ብቻ እውነተኛ ጠርሙስ ሐሰተኛ ተብሎ ይጣላል። ስልኩ ከጠርሙሱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከወረቀቱ መሐል ጋር በአንድ ቁመት ኾኖ፣ ምስሉ በመጠኑ ተጠግቶ ሲነሣ ይህ ስሕተት በእጅጉ ይቀንሳል። ደግሞም ቀጥ ያለ ወረቀት ሁልጊዜ የእውነት ምልክት አይደለም። ትንንሽ የወይን አምራቾች ወረቀቱን በእጃቸው ይለጥፉ ነበር፤ የዛሬ ሰባ ዓመት የታሸገ ወይን ወረቀቱ ዘመም ቢል፣ ጠርዙ ቢበላና በጓዳ እርጥበት ቢጠቁር የሚጠበቅ ነው። በዕድሜ የገፋ ጠርሙስ ላይ የሚያበራ ነጭ ወረቀት በትክክለኛ መስመር ተለጥፎ ሲገኝ ነው ባለሙያው ቅንድቡን የሚያነሣው።

ቡሹን በፎቶግራፍ ማየት ይከብዳል፤ ሽፋኑ ይጋርደዋልና። ቢኾንም ሽፋኑ አጭር በኾነበት ጠርሙስ ላይ ከአንገቱ ኋላ የእጅ ባትሪ አብርቶ ማንሣት በቡሹ ጎን የታተመውን ጽሑፍ በመጠኑ ያሳያል። ስመ ጥር የወይን አምራቾች በቡሹ ላይ የአምራቹን ስምና ወይኑ የተመረተበትን ዓመት ያትማሉ። የቡሹ ዓመትና የወረቀቱ ዓመት ካልተስማሙ፣ ወይም ወረቀቱ ታላቅ ስም ይዞ ቡሹ ባዶ ከኾነ፣ ሻጩ የሚመልሰው ጥያቄ አለ። በሆቴል ወይም በምግብ ቤት ውድ ወይን የሚያዝዝ ሰው ደግሞ የተከፈተውን ቡሽ ጠረጴዛው ላይ እንዲያስቀምጡለት መጠየቅ ልማዱ ይፈቅድለታል። ዳግመኛ የተወተፈ ቡሽ ቀድሞ የገባበት የመክፈቻ ሽክርክሪት መንገድ በመሐሉ ይኖራል። ባለ ሁለት ጣት መክፈቻ ግን ቡሹን በጎኑ ይዞ ስለሚያወጣው እንዲህ ያለ ቁስል አይተውም፤ ስለዚህ ቀዳዳ አለመኖሩ ብቻውን ነጻ አያወጣም።

ከሁሉ ይልቅ የማያዳላው ምስክር ብርጭቆው ነው፤ ምክንያቱም ዕድሜውን በገላው ላይ ይዞ ይዞራል። በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጠርሙስ በማሽን መሠራት ከመለመዱ በፊት የጠርሙሱ አፍ ለብቻው በእጅ ይሠራ ነበር። በዚህም ምክንያት ከቅርጽ ማውጫው የሚተርፈው የጎን መስመር ከአፉ በታች ይቆማል። በማሽን የተሠራው ጠርሙስ ግን መስመሩ አንገቱን አልፎ እስከ አፉ ጫፍ ይወጣል። «የ1878 ነው» የተባለ ጠርሙስ ፎቶግራፍ ላይ ይህ መስመር እስከ አፉ ከታየ ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ ብርጭቆው የዚያ ዘመን አለመኾኑ ይታወቃል።

በዘመናዊ የአውሮፓ ጠርሙሶች ላይ የሚታየው ምልክት ደግሞ ከሥሩ ነው። በመቀመጫው ወይም በመቀመጫው ዙሪያ የተገለበጠ የግሪክ ፊደል የሚመስል፣ ለእኛ ዐይን የቁጥር 3 ቅርጽ ያለው ምልክት ይቀረጻል፤ አጠገቡም የሚይዘው መጠን በሴንቲ ሊትር ይጻፋል። ወረቀቱ 70 ሴንቲ ሊትር ሲል መቀመጫው 75 የሚል ከኾነ ወረቀቱና ጠርሙሱ በአንድ ፋብሪካ አልተገናኙም። ብዙ የዊስኪ አምራቾች በተጨማሪ ከወረቀቱ በታች በብርጭቆው ላይ የምርት መለያ ቁጥር ያትማሉ። ይህ ቁጥር ተፍቆ ከተገኘ ጥርጣሬ ይገባል። ሆኖም ቁጥሩን የሚፍቁት አስመሳዮች ብቻ አይደሉም፤ እውነተኛውን መጠጥ ከተመደበለት ሀገር አውጥተው በሌላ ሀገር የሚሸጡ ነጋዴዎችም መነሻው እንዳይታወቅ ይፍቁታል። የተፋቀ ቁጥር የመጠጡን ሐሰተኛነት ሳይኾን መንገዱ መደበቁን ያረጋግጣል።

ጠርሙሱ፣ ሽፋኑና ቡሹ ሁሉ ቢስማሙ እንኳ ወረቀቱ የሚናገረው ነገር በታሪክ ሊፈርስ ይችላል። በኒው ዮርክ የተካሄደው የ2008ቱ ጨረታ ይህን አሳይቷል። ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለ ኢንዶኔዥያዊ ሰብሳቢ ለጨረታ ካቀረባቸው ወይኖች መካከል ዶሜን ፖንሶ በሚባለው የፈረንሳይ አምራች ስም ክሎ ሳን ደኒ የተሰኘ ወይን ይገኝ ነበር፤ ዓመቶቹም ከ1945 ጀምሮ የተዘረዘሩ ነበሩ። የአምራቹ ባለቤት ሎራን ፖንሶ ስለ ሽያጩ በሰማ ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ ድረስ መጥቶ ወይኖቹ ከጨረታው እንዲወጡ አደረገ። ማስረጃው ቀላል ነበር፦ ቤተሰቡ ያንን ወይን ማምረት የጀመረው በ1982 ነው። በ2012 የፌዴራል ፖሊሶች የኩርኒያዋንን ቤት ሲፈትሹ በርካታ የታተሙ ወረቀቶች፣ ቡሾች፣ ማኅተሞችና ባዶ ጠርሙሶች አገኙ። ሰውየው በውድ ምግብ ቤት የተጠጡ ወይኖችን ባዶ ጠርሙሶች እንዲልኩለት ይጠይቅ እንደነበርም ታውቋል። በ2013 ጥፋተኛ ተባለ፤ በቀጣዩ ዓመት 10 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

በሀገራችን ገበያ ግን አንድ ሻጭ የሚያታልለው ከዚህ በቀለለ ዘዴ ነው፤ እውነተኛ የኾነ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ይለጥፋል። ምስሉን በአጉሊ መነጽር ቢመረምሩት አንዳች እንከን አይገኝበትም፤ የሚደርሰው ጠርሙስ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ገዥው ገንዘብ ከመላኩ በፊት ሻጩ የዕለቱን ቀንና የገዥውን ስም በወረቀት ጽፎ ከጠርሙሱ ጋር እንዲያነሣ፣ አንገቱን ዙሪያውን፣ መቀመጫውን ከሥሩ፣ ወረቀቱንም ከፊትና ከኋላ እንዲያሳይ ቢጠይቅ ይበጃል። እውነተኛ ሻጭ ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። «ምስሉን ልኬልሃለሁ፣ ምን ያከራክርሃል?» የሚል መልስ የሚሰጥ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል። ጠርሙሱ ሲደርስም ከተላከው ምስል ጋር ማመሳከርና ደረሰኝ መቀበል፣ በኋላ ለሚነሣ ክርክር ገዥው የሚይዘው ነገር ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ ገንዘብን የሚመለከት ነው። ሕይወትን በሚመለከት ጉዳይ ግን ፎቶግራፍ አቅም የለውም። በ2012 በቼክ ሪፐብሊክ ሜታኖል የተቀላቀለበት ሐሰተኛ መጠጥ በመሸጡ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። መንግሥት በመስከረም ወር ከ20 በመቶ በላይ አልኮል ያለውን መጠጥ ሁሉ ከሽያጭ አግዶ ነበር፤ ሽያጩ ሲፈቀድም አዳዲስ ጠርሙሶች የምርታቸውን መነሻ የሚያረጋግጥ ሰነድ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ሜታኖል እንደ ተራው አልኮል ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው፤ በምስልም ኾነ በጣዕም አይለይም። ምልክቱ ከጠጡ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ይመጣል፤ ዐይን ይጋርዳል፣ ሆድ ያማል፣ ትንፋሽ ያፋጥናል። ስካር ነው ብሎ መተኛት አደገኛ ነው፤ ቶሎ ሐኪም ቤት የደረሰ ሰው የሚረዳበት መድኃኒት አለ። ማሸጊያው የተነካካ ጠርሙስ በርካሽ ሲቀርብ ሊታሰብ የሚገባው የወጣው ብር ብቻ ያልኾነው በዚህ የተነሣ ነው።

ከስዊዘርላንድ የተላከው ናሙና ውጤቱ የመጣው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመጠጡን ዕድሜ የለኩት በካርቦን ነው። ገብስ ሲበቅል ከአየር ካርቦን ይወስዳል፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተፈነዱት የኑክሌር ቦምቦች ደግሞ የአየሩን ካርቦን ስለለወጡት፣ ከዚያ በኋላ የበቀለ እህል የተጨመቀበት መጠጥ የተመረተበትን ዓመት በውስጡ ይዞ ይቀራል። ልኬቱ እንዳሳየው መጠጡ ከ1970 እስከ 1972 ባለው ጊዜ ውስጥ የተመረተ የመኾን ዕድሉ 95 በመቶ ነው። ሌላ ቤተ ሙከራ ባደረገው ትንተናም ንጹሕ የብቅል ዊስኪ እንኳ ሳይኾን፣ 60 በመቶ ብቅልና 40 በመቶ ሌላ እህል የተደባለቀበት ኾኖ ተገኘ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠርሙሱን የገዛው አባቱ እንደነበርና ቤተሰቡም እውነተኛ ነው ብሎ ያምን እንደነበር ተናግሯል። ውጤቱን እንደሰማ ወደ ቻይና ተጉዞ 9,999 ፍራንኩን ለእንግዳው ሙሉ በሙሉ መልሷል።